ጾመው ይምጡ

ሞላሌ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ሁለት ጠላት አለበት። አንደኛው የመንዝ ነፋስ ነው፤ እሱን በአራት ሚስማር ትችለዋለህ። ሁለተኛው የራስህ አማርኛ ነው። ለዚያኛው ሚስማር አላገኘሁለትም።

ያኔ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ክትትል ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ታዲያ ሁሉም ምሳውን በልቶ ስለሚመጣ የስኳሩ ልኬት የሚናገረው የሰውየውን ሕመም ይሁን የምሳውን ዓይነት አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ክትትሉ ወደ ጠዋት እንዲዞር ተወሰነ። ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል ማስታወቂያው ለእኔ ደረሰ።

ጻፍኩት። «ጉዳዩ፦ የክትትል ሰዓት ለውጥን ይመለከታል» ብዬ ጀምሬ፣ የተገልጋዩን እርካታ በሦስት መስመር አሞግሼ፣ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ላይ ስደርስ ወረቀቱ ሊያልቅ ሆነ። ዋናውን ነገር ታች ጥግ ላይ አጨናንቄ አስገባሁት፦ «የክትትል ታካሚዎች ለ8 ሰዓት ያህል ጾመው በጠዋት እንዲቀርቡ እናሳስባለን።» ክብ ማህተም ተመታበት። ማህተም ያረፈበት ነገር ደግሞ ስህተት አይመስልም።

በመጀመሪያው ሰኞ አንዲት እናት ገና በሩ ሳይከፈት ጋቢያቸውን ተከናንበው ደረሱ። ነርሷ «እማማ፣ ጾመዋል?» አለቻቸው።

«እንዴታ! ማስታወቂያውን ልጄ አንብቦልኛል።»

ጣታቸው ተወግቶ ሲለካ 231 ወጣ። ጾሞ ለተለካ የስኳር ታካሚ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊጨምር ብዕሩን አነሳ። ደግነቱ ነርሷ ነገር ትጠረጥራለች፤ ጥያቄዋን ቀየረችው።

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

«ሽሮ ነዋ። ቅቤ የሚባል አልነካሁም፤ በሰኞ ምድር ጾመው ይምጡ ስላላችሁኝ ጾሜ ነው የመጣሁት።»

ብዕሩ ተመለሰ። በሕክምና ቋንቋ ያልበላን ሰው «ጾሟል» ማለት ትክክል ነው፤ መንዝ ውስጥ ግን ጾም ማለት ከፍስክ መራቅ ነው፣ ሽሮው ከነእንጀራው ይፈቀዳል። በሽሮ ላይ በተለካ ቁጥር መድኃኒት ቢጨመር ኖሮ፣ እኚህ እናት ሌላ ቀን እህል ባልቀመሱበት ሰዓት ስኳራቸው ወርዶ በላብ ተጠምቀው እየተንቀጠቀጡ ሊወድቁ ይችሉ ነበር።

መውደቁንም ቢሆን ሌላ ሰው ሊሞክረው ምንም አልቀረውም። አንድ አባት «ለ8 ሰዓት» ያልኩትን «እስከ 8 ሰዓት» ብለው ሰምተውታል። ጠዋት የስኳር ክኒናቸውን ውጠው፣ እህል ሳይቀምሱ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ልክ በ8 ሰዓት ከች አሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጥተን ነው ነፍሳቸውን የመለስነው። ሌላው የግፊት ታካሚ ደግሞ ጾም የተባለ ጊዜ ውሃም ክኒንም ትቶ መጥቷል፤ ግፊቱም ሳይታገድ ሽቅብ ወጥቷል።

ያን ቀን ማታ ወረቀቴን ነቅዬ እንደገና ተቀመጥኩ። በዚህኛው ላይ እርካታ የለም፣ ጉዳዩ የለም፤ ከገጹ አናት ጀምሮ እንዲህ ይላል፦

«የስኳር ታካሚዎች ሰኞ ጠዋት በ2፡30 ይምጡ። እሑድ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ምንም ምግብ አይብሉ፤ የጾም ምግብም ቢሆን። ሻይም አይጠጡ፣ ውሃ ግን ይጠጡ። የጠዋት የስኳር መድኃኒትዎን ቤት ሳሉ አይውሰዱ፤ መድኃኒቱንም ቁርስዎንም ይዘው ይምጡ፣ ደም ከሰጡ በኋላ ይወስዳሉ።

የደም ግፊት ታካሚዎች ማክሰኞ ጠዋት በ2፡30 ይምጡ። ቁርስ ይብሉ፣ ክኒንዎን እንደወትሮው ይውሰዱ።

ከሰዓት በኋላ የነበረው ክትትል ቀርቷል።»

እራቱን 3 ሰዓት ላይ የጨረሰ ሰው ጠዋት 2፡30 ሲደርስ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል፤ የሚፈለገው ስምንት ነው፣ እንዲያውም ይተርፋል። ሒሳቡን እኔ ከሠራሁት ታካሚው የሚሠራው ነገር የለም። ከመለጠፉ በፊት ለዘበኛችን አነበብኩለትና «እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት፤ ሳይሳሳት መለሰልኝ። አሮጌውንም ማስታወቂያ አጠገቡ አልተውኩትም፤ ሁለት ወረቀት ካለ ሰው የሚያነበው ማህተም ያለበትን ነው። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቃል እንዲነገር አደረግን።

በሚቀጥለው ወር እኚያ እናት ሰኞ ጠዋት መጡ። ጣታቸውን ሰጥተው ሲያበቁ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡ።

«ይኸኛው የፍስክ ነው» አሉኝ። ቁጥራቸው 124 ነበር።