ማር የሌለው ማር ቤት

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ዝንጀሮና አያ ከርከሮ ማኅበር ገብተው ማር ሊነግዱ ተስማሙ። ስም ለማስመዝገብም ባለነጭ ካባው ጉሬዛ ዘንድ ቀረቡ።

«የደጋው ነጭ ማር ይባልልን» አለ ዝንጀሮ። «ገዥው ገና ከሩቅ ሲያየው የምንሸጠውን ይወቅ።»

ጉሬዛ መዘገበ፤ ማኅተም ተቀረጸ፤ ስሙም በዋርካው ግንድ ላይ ተፈለፈለ።

በዚያው ቀን እመት ጃርትም ማር ልትነግድ መጥታ ስሟን «ማለዳ» አስባለች። ገበያተኛው «ከረፋድ በኋላ አትሸጪም?» እያለ ቢያስቸግራት፣ ከሰሌዳዋ ሥር በከሰል «ማር አለ» ብላ ጻፈችበት። በዚያ ዓመት ዝንጀሮ የጃርትን እጥፍ ሸጠ።

በሁለተኛው ዓመት ድርቅ ገባ፤ አበባ ጠፋ፤ ንቦቹም ተሰደዱ። ጃርት ከሰሉን አጥፍታ «ጨው አለ» ብላ ጻፈች። ዝንጀሮና ከርከሮም ጨው አስመጡ። ከእነሱ የገዛችው ሚዳቋ ግን በማግስቱ ተመልሳ «ማራችሁ ደርቆ ጨው ጨው ይላል፤ ገንዘቤን መልሱ» አለች።

ስሙን «የደጋው ነጭ ማርና ጨው» አሉት። ይህን የሰማ ግመል «ጨው ከመቼ ወዲህ ነው የደጋ የሆነው? አገሬን ሰደባችሁ» ብሎ ከሰሳቸው። «የደጋው ነጭ ማርና የቆላው ጨው» አሉት። ቆዳ ሲጨምሩ ስሙ ዋርካውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ማኅተሙም ምጣድ አክሎ ሁለት ሆነው ይሸከሙት ጀመር።

አያ ጅቦን ዕዳህን ክፈል ቢሉት «እኔ የተዋዋልኩት ከደጋው ነጭ ማር ጋር ነው። እናንተን የት አውቃችኋለሁ?» ብሎ ሄደ።

ዝንጀሮ ተማረረ። «እንግዲያው ‹ሁሉም ነገር› ይባልና እንረፍ» አለ።

ጉሬዛ ራሱን ነቀነቀ። «የሁሉ የሆነ ቃል ለአንድ አይመዘገብም።»

ሳያስመዘግቡ ሰቀሉት። በማግስቱ ቀበሮም፣ ኤሊም፣ ፍልፈልም በየደጃቸው «ሁሉም ነገር» ብለው ሰቀሉ፤ የአንዱ ደንበኛ ሌላው ጋ ይገባ ጀመር። ጥንቸል መጥታ ባል ጠየቀች። ጉማሬ ዝናብ ጠየቀ፤ የለም ሲሉትም «ሁሉም ነገር ብላችሁ ጽፋችኋል» ብሎ ሸንጎ አቆማቸው። ሸንጎውም ዝናብ እስኪያመጡ ድረስ ደጃቸው እንዲታሸግ ፈረደ።

ዝናቡ በራሱ ጊዜ መጣ፤ አበባውም ፈካ። ሁለቱ ሮጠው ጉሬዛ ዘንድ ደረሱና «የቀድሞ ስማችን ይመለስልን» አሉ።

ጉሬዛ መዝገቡን ገለጠ። «የደጋው ነጭ ማርን እናንተ ስትተዉት ንቦቹ አስመዝግበውታል» አላቸው።

በዚያ ጊዜ ጃርት ማርም፣ ጨውም፣ ቆዳም፣ ሸማም ትሸጥ ነበር። ለዚህ ሁሉ ስሟን ለማስተካከል ያወጣችው አንድ ቁራጭ ከሰል ነው።