«መጨረሻው ማን ነው?» ብለው ለሚቀመጡ ሁሉ የቀረበ ምክር

ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ መጠበቅ ቀላል ነገር መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። ሕመሙን ማወቅ የሐኪሙ፣ ደሙን መመርመር የላብራቶሪው ሥራ ነው። አጠገብዎ የተቀመጠውን የማያውቁትን ሰው ሰላም ማለትና ከዚያ በኋላ «ላውራው ወይስ ልተወው?» ብሎ መወሰን ግን የእርስዎ የብቻዎ ጣጣ ነው። ለዚህ ሙያ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ተቋም እስኪከፈት ድረስ ይህን ጽሑፍ እንደ ጊዜያዊ መመሪያ ይያዙት።

የመመሪያው አንቀጽ አንድ፦ ሰላምታ ግዴታ፣ ወሬ ውዴታ ነው። ቀድሞ ሰላም የሚለው የመጣው እንጂ የተቀመጠው አይደለም። አንዱ ይስላል፣ አንዷ ደም የተቀዳችበትን ክንዷን በጥጥ ይዛለች፤ ስለዚህ እየዞሩ እጅ መጨበጥ አያስፈልግም። ራስን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ለአግዳሚው በሙሉ ይበቃል። ዳዊት የሚደግም ሰው ካለ መዝሙሩን እስኪጨርስ መልስ አይጠብቁበት፤ አንገቱን ነቅነቅ ካደረገልዎት ሒሳቡ ተዘግቷል።

ቀጥለው ሳይቀመጡ «መጨረሻው ማን ነው?» ይበሉ። አንዱ «እኔ ነኝ» ይላል። በዚህች ቅጽበት ውል ተፈራርማችኋል። እርስዎ ከእሱ ቀጥሎ መሆንዎን እሱ ይመሰክራል፤ እሱም ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ሲመለስ ቦታው የእሱ እንደነበረ እርስዎ ይመሰክሩለታል። ሰላም ሳይል ገብቶ ጥጉን የያዘ ሰው ግን ምስክር የለውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «እኔ እኮ ከእሳቸው ቀጥሎ ነበርኩ» ቢል አግዳሚው ሁሉ «መቼ መጣህ?» ይለዋል።

አጠራር ላይ ይጠንቀቁ። ዕድሜው ካጠራጠረዎት «እርስዎ» ይበሉ፤ ሰው ስለተከበረ ሲቆጣ እምብዛም አይታይም። በ40ዎቹ ውስጥ ያለችን ሴት «ማዘር» ብሎ የጠራ ሰው ግን ወሬ ትፈልግ ይሆን አትፈልግ ብሎ ምልክት በመፈለግ አይድከም፤ ዝምታው ተረጋግጦለታል።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። ጎረቤትዎ ወሬ ይፈልግ እንደሆነ የሚነግርዎት የመልሱ ጅራት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወደ በሩ ከተመለሰ ዕዳውን ከፍሏል፤ ይተዉት። «ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አደሩ?» ካለ በሩ ገርበብ ብሏል። «ይመስገን እንግዲህ… ምን ይደረጋል» ብሎ ከተነፈሰ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ «ምነው?» ካሉት እስከ ምሳ ሰዓት አድማጭ ሆነው እንደሚቆዩ ይወቁት። መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ቢሆንም ደንቡ ያው ነው፤ የሚታየው ጥያቄው ወደ እርስዎ መመለስ አለመመለሱ ነው።

በሩ ገርበብ ያለ ከመሰለዎት አንድ የሙከራ ጥያቄ ይፈቀድልዎታል። ጥያቄው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ወረፋው ይሁን፦ «ላብራቶሪው ሥራ ጀመረ እንዴ?» የፈለገ ሰው ከዚህ ተነስቶ ትናንት ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ይተርክልዎታል፤ ያልፈለገ «አዎ» ብሎ ይገላገላል። ሁለተኛ ሙከራ የለም። «ምንዎትን ነው ያመመዎት?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በነጭ ጋዋን ካልሆነ በቀር ክልክል ነው።

ከልብስ ምልክት ማንበብ ይቻላል፤ ጉለሌ ላይ ግን አሳሳች ነው። ሌላ ሰፈር በነጠላ አፍን መሸፈን «ተወኝ» ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ የእንጦጦ ብርድ ስላለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ሁሉም ሰው አፉን ሸፍኗል፤ ይህ የአየር ጠባይ እንጂ ጠባይ አይደለም። ፀሐይ መስኮቱ ላይ ደርሳ፣ ሌላው ጋቢውን ከትከሻው ሲጥል ያልተገለጠች ሴት ካለች ግን ያን ጊዜ ምልክት ነው። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጭምብልም እንዲሁ ብቻውን አይነበብም፤ ለረጅም ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በታወቀው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አካባቢ ላደገ ሰው ጭምብል ጥንቃቄ እንጂ ኩርፊያ አይደለም።

የማያሻማው ምልክት የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው። ጥለቱ ከታች መሆን ሲገባው ወደ አንገት ከወጣ ባለቤቱ ሐዘን ላይ ናቸው። የሽሮ ሜዳ ሸማ ገበያ ደጁ ላይ ያለ የጉለሌ ሰው «ጥለቱን አላየሁም» ቢል የሚያምነው የለም። ድምፅን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለት፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሞተ እንኳ አለመጠየቅ።

ወሬው ከተጀመረ በኋላም ፈተና አለ። አገራችን ውስጥ ሰው መስማማቱን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ!» በማለት ይገልጻል። ወሬኛን ያጠፋው ይህ ነው። የመጀመሪያዋ «እ!» ዓይንዎን እያየ የወጣች ከሆነ ይቀጥሉ። ዓይኑ ካርድ ክፍሉ ላይ ሆኖ እርስዎ ነጥብ ባደረጉ ቁጥር እኩል እየመጣች ከሆነ ግን የሚያዳምጥዎት ሰው የለም፤ ጨዋነቱ ብቻ ነው አብሮዎት የተቀመጠው። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ይጨርሱና «እስቲ ልተውዎት» ብለው ራስዎን ያሰናብቱ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች። ጠና ያሉ እናት የላብራቶሪ ውጤት ይጠብቃሉ፤ ጥለታቸው ከታች ነው፣ ነጠላቸው አፋቸው ላይ ነው። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ?» አሏቸው። «ይመስገን» አሉ፤ ጥያቄው አልተመለሰም። ዝም አሉ እርስዎም። ትንሽ ቆይተው እናት «ውይ፣ ሆዴን ሞረሞረኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። አሁን ምን ይደረጋል? ጀማሪ «ምን በሉ?» ብሎ ይጀምርና የራሱን የጨጓራ ታሪክ ይዘረግፋል። የሰለጠነ ሰው ግን ያስባል፦ ለደም ምርመራው ሳይበሉ ነው የመጡት፤ የሚፈልጉት ጨዋታ ሳይሆን ሻይ ነው። ስለዚህ «ውጤቱ ገና ነው፤ ሻይ ቀምሰው ይምጡ፣ ስምዎ ከተጠራ እኔ እነግራቸዋለሁ» ይላቸዋል። ሲመለሱ ነጠላው ከአፋቸው ወርዶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከወረደ የልጆቻቸውን ቁጥር ጭምር ሊሰሙ ነው። ካልወረደም የሚጠበቅብዎትን አድርገዋል።

ከዚህ ሁሉ ምክር የሚበልጥ አንድ ነገር ይያዙ። ዝም ማለት የፈለገ ሰው ከውሉ አልወጣም፤ ስሙ ተጠርቶ ካልሰማ መቀስቀስ የእርስዎ ፈንታ ነው። ጎረቤትዎ ተጠርቶ ሲነሳ፣ አውርቶም ይሁን ዝም ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ሳይሉ አያስገቡት። ይህቺን ለማለት ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም።