600,000 ብራችንን በቅንፍ ውስጥ ለቀበራችሁልን

ለተከበረው የሂሳብ ድርጅታችን፣ በተለይም ማብራሪያ ለሚጽፈው ክፍል፤

ታናሽ እህቴ የምትመራው ዳቦ ቤት የዓመቱን የሂሳብ መግለጫ ከነማብራሪያው ተረክቧል። ማብራሪያው «የሂሳብ ዕውቀት ለሌላቸው ደንበኞች የተዘጋጀ» መሆኑ ሽፋኑ ላይ በደማቁ ተጽፏል። ቃላችሁን ጠብቃችኋል፤ ዕውቀት እንደሌላት ሽፋኑ ላይ ነገራችኋት፣ ውስጡ ደግሞ አረጋገጣችሁላት።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ስሞላ ነው፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ማብራሪያውን ይዛ ወደ እኔ የመጣችውም ለዚህ ነው። «ጋሼ፣ 600,000 ብር አትርፈሻል ይላሉ» አለችኝ። «ሰኔ 30 ባንክ የነበረኝ 80,000 ነው። አምና በዚያው ቀን 130,000 ነበረኝ። ማን ነው የወሰደው?» ይህን ስትል ገንዘብ ተቀባይዋን በዓይኗ እየፈለገች ነበር።

መልሳችሁን አራተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት፦ «ድርጅቱ የተጠራቃሚ ሂሳብ አያያዝ ዘዴን የሚከተል በመሆኑ፣ የዘመኑ ውጤት ጥሬ ገንዘብ ነክ ላልሆኑ ወጪዎችና ለሥራ ካፒታል ለውጦች ተስተካክሎ የተጣራ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ያሳያል፤ ማስታወሻ 11ን ይመልከቱ።» አንድም ስህተት የለበትም፤ እኔም ብሆን እፈርምበት ነበር። እህቴ ግን ማስታወሻ 11ን ብትገልጥ ወደ ማስታወሻ 4 ተላከች። ማስታወሻ 4 ሰንጠረዥ ነው፤ ከቁጥሮቹም ግማሾቹ በቅንፍ ታጥረዋል። በቅንፍ ያለ ቁጥር ተቀናሽ መሆኑን የነገራት የለም። በቅንፍ የተቀመጠ ነገር ቢዘለልም ንባቡን እንደማያፋልስ ከትምህርት ቤት ታስታውሳለችና ዘለለችው። የዘለለችው ብድሩን፣ ግብሩን፣ የዱቄቱንና የዱቤውን ሂሳብ ነው።

እንግዲህ በእናንተው ቁጥሮች እኔ ልሞክረው፤ ግልባጩ ለእናንተም ይሁን።

ትርፍ ማለት ዘንድሮ የሸጥነው፣ ያንን ለመሸጥ ከጠየቀን ወጪ በ600,000 ብር በለጠ ማለት ነው፤ የዘንድሮው ግብር ገና አልተነሳለትም። ብሩ ሁሉ እጃችን ገብቷል ማለት ግን አይደለም። ከምድጃው እንጀምር፤ ትልቁን ግርታ የፈጠረው እሱ ነው። ምድጃው በ1,000,000 ብር የተገዛው ከባንክ ተበድረን ነው። ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል ዋጋው በአንድ ዓመት ወጪ አይመዘገብም፤ በየዓመቱ 15 በመቶ፣ ማለትም 150,000 ብር እያልን እናካፍለዋለን። ስለዚህ ዘንድሮ 150,000 ብር ከትርፋችን ላይ ተቀንሷል፤ ከባንካችን ግን ሰባራ ሳንቲም አልወጣም። በተቃራኒው ለባንኩ ከዋናው ብድር ላይ 240,000 ብር መልሰናል። ይህ ከኪሳችን ወጥቷል፤ ትርፋችንን ግን አልነካም፣ ምክንያቱም ከትርፍ ላይ የሚቀነሰው ወለዱ ብቻ ነው። አንዱ ምድጃ በአንድ በኩል ሳይከፈልበት ወጪ ሆኖ፣ በሌላ በኩል ወጪ ሳይሆን ተከፍሎበት ይታያል። ይህን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ፣ አንዱን ማስታወሻ 4 ሌላውን ማስታወሻ 9 ላይ አስቀምጣችሁ፣ እህቴ በመካከላቸው እንድትሯሯጥ ፈረዳችሁባት።

አምና ደግሞ ነገሩን ልታቀልሉላት ፈልጋችሁ «ለምድጃው እርጅና 150,000 ብር መጠባበቂያ ተይዟል» ብላችሁ ነበር። ይህ ከዘንድሮው የባሰ ነው። የት ባንክ እንደተያዘ ጠይቃኛለች! ምድጃው ሲበላሽ በዚያ ብር ሌላ ልትገዛ አስባ ነበር። የተቀመጠ ብር እንደሌለ፣ ያለው በመዝገብ የተቀነሰ ዋጋ ብቻ እንደሆነ መናገር አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር።

የቀረው አጭር ነው። ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች በዱቤ የወሰዱት ዳቦ ካምናው በ280,000 ብር ጨምሯል፤ ሽያጭ ተብሎ ትርፍ ውስጥ ገብቷል፣ ብሩ ግን እነሱ ዘንድ ነው። ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ከአምናው አስበልጠን ያከማቸነው ዱቄት 190,000 ብር ይዞ መጋዘን ተኝቷል። የአምናውን ግብር፣ 150,000 ብር፣ የከፈልነው ዘንድሮ ነው። የዱቄት ነጋዴው ደግሞ በበኩሉ ታግሦናል፤ ለእሱ ያለብን ዕዳ በ60,000 ጨምሯልና ያን ያህል ብር እኛ ጋ ቆየ።

ደምሩት። 600,000፣ የምድጃው 150,000 እና የነጋዴው 60,000 በአንድ ላይ 810,000 ይሆናሉ። ዱቤው፣ ዱቄቱ፣ ብድሩና የአምናው ግብር 860,000 ናቸው። የጎደለው 50,000 ነው፤ ከ130,000 ላይ ሲነሳ 80,000 ይቀራል። ገንዘብ ተቀባይዋ ነፃ ወጣች። እናንተም ይህንኑ ብላችኋል፤ እሷን ለማዳን ግን አልደረሳችሁም።

መግለጫውን ራሱን አውርዱልን እያልኩ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ አለ፤ ባንኩም ግብር ሰብሳቢውም የሚያነቡት ያንን ሰነድ ነውና ስያሜዎቹ እንዳሉ ይቆዩ። ማብራሪያው ግን ሌላ ወረቀት ነው፤ እዚያ ላይ «ተሰብሳቢ» ስትሉ ማን ስንት እንዳለበት ጨምሩበት። ከ280,000ው ውስጥ 70,000ው በሚያዝያ የተዘጋ ካፌ ዕዳ ነው። ያ ብር የማይመለስ ከሆነ ትርፉ 600,000 ሳይሆን 530,000 ነው። ማብራሪያችሁ ስለዚህ የሚለው «አመራሩ የተሰብሳቢ ሂሳቦችን የመሰብሰብ ዕድል ገምግሟል» ብቻ ነው። አመራሩ እህቴ ናት፤ መገምገሟንም ከእናንተ ወረቀት ነው የሰማችው።

ከመላካችሁ በፊት የምትሞክሩት ቀላል ፈተና ልጠቁማችሁ። ማብራሪያውን ሂሳብ ላልተማረ የቢሯችሁ ሠራተኛ አስነብቡትና ወረቀቱን ተቀበሉት። ከዚያ ስንት አተረፉ፣ ብሩ የት ሄደ፣ ቀጥሎ የሚከፈለው ስንት ነው፣ እስከ መቼ ብላችሁ ጠይቁት። «ገብቶሃል?» ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁት፤ እህቴም ቢሯችሁ ስትመጣ «ገብቶኛል» ብላ ነው የወጣችው።

የመጨረሻው ጥያቄ የሚያስፈራኝ ነው። ዳቦ ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ በ600,000ው ላይ 30 በመቶ፣ ማለትም 180,000 ብር የትርፍ ግብር አለበት፤ እስከ ጥቅምት 30 ይከፈላል። በባንክ ያለው 80,000 መሆኑን ከእኔ ይበልጥ እናንተ ታውቃላችሁ። ሆቴሎቹን አሁኑኑ መጠየቅ፣ የዱቄት ግዢውንም መግታት እንዳለባት የሚናገር ግን አንድ መስመር የለም። ያለው «የግብር ግዴታው በሕግ በተደነገገው የጊዜ ገደብ ይፈጸማል» የሚል ነው። ማን እንደሚፈጽመው እንኳ አልተጻፈም።

ከማብራሪያው ጋር የላካችሁት የአገልግሎት ክፍያ መጠየቂያ ግን እጅግ ግልጽ ነበር። ስንት ብር፣ ቫቱ ስንት፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው የባንክ ሂሳብ፤ ቅንፍም ማስታወሻም የለውም። እህቴ አንዴ አንብባ ገባትና በማግስቱ ከፈለች። እባካችሁ፣ እሱን የጻፈውን ሰው ፈልጉና የከርሞውን ማብራሪያ ለእሱ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳቦ ቤቷ ባለቤት ታላቅ ወንድም