ምንም የማይናገር ሪፖርት እንዴት ይጻፋል?

አንድን ጉዳይ ከአንባቢ መሰወር ከፈለጉ መዋሸት አያስፈልግዎትም። እውነቱን ሁሉ ይጻፉት፤ ብቻ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ«በተጨማሪም» ይጀምሩት። ሲደክምዎት ወደ «ከዚህም በተጨማሪ» ይለፉ፣ ከዚያ ወደ «በሌላ በኩል»፣ መጨረሻ ላይ ወደ «ከዚህ ጋር በተያያዘ»። ምክሬን ገልብጠው እንዲያነቡት ነው የምጽፈው። የተገላቢጦሹን መንገድ የመረጥኩት ይህ ልማድ የሚያደርሰው ጉዳት ጎልቶ የሚታየው እስከ መጨረሻው ድረስ ሲከተሉት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያዎን ይወቁት። «በተጨማሪም» ለአንባቢ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ላዩ ላይ ይደመር ይላል። ያኛው ይህንን አመጣው አይልም። ያኛው ቢኖርም ይህ ሆነ አይልም። የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ አይልም። ምክንያትና ውጤት በተርታ ሲቀመጡ ዝርዝር ይሆናሉ፤ ዝርዝር ደግሞ ተጠያቂ የለውም።

አንድ የገጠር ቀበሌ እናስብ። የመጠጥ ውኃ የሚስበው ፓምፕ ሞተሩ በጥቅምት ተቃጠለ። መለዋወጫ ለመግዛት ጨረታ ወጣ፤ የቀረበው ተጫራች አንድ ብቻ ስለሆነ ተሰረዘ። በድጋሚ ያወጣው የለም። ሰዉ ጄሪካኑን ይዞ ወደ ወንዝ ወረደ። በኅዳር ተቅማጥ የያዛቸው ሕጻናት ወደ ጤና ኬላው በዝተው መጡ። ይህን ታሪክ ለወረዳው ለማሳወቅ ሪፖርት ሲጽፉ እንዲህ ያድርጉ፦

«በሩብ ዓመቱ የውኃ ፓምፕ ብልሽት አጋጥሟል። በተጨማሪም የመለዋወጫ ግዥ ጨረታ እንዲወጣ ተደርጓል። ከዚህም በተጨማሪ ጨረታው ተሰርዟል። በሌላ በኩል ኅብረተሰቡ የወንዝ ውኃ በመጠቀም ላይ ይገኛል። ከዚህ ጋር በተያያዘ በሕጻናት ላይ የተቅማጥ በሽታ ታይቷል።»

አንድም ውሸት የለበትም። ግን ምን እንደተፈጠረ ይመልከቱ። የጨረታው መሰረዝ የጨረታውን መውጣት ያፈረሰ ነገር ሆኖ ሳለ «ከዚህም በተጨማሪ» ተብሎ እንደ ሌላ የሥራ ክንውን ተደመረ። ሰዉ ወንዝ የወረደው ፓምፑ ስለተቃጠለ ነው፤ «በሌላ በኩል» ግን ሌላ ወገን ያለው ሌላ ጉዳይ አስመሰለው። «ከዚህ ጋር በተያያዘ» ደግሞ ከየትኛው ጋር? ከወንዙ? ከጨረታው? ከፓምፑ? መያያዙን ይናገራል፣ እንዴት እንደተያያዘ አይናገርም። ወረዳ ላይ ያለው አንባቢ አምስት ነጥብ አገኘ። አንዱን ለውኃ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለግዥ፣ አንዱን ለጤና መራው። አሁን መደረግ ያለበት አንድ ነገር ነበር፤ ጨረታውን በድጋሚ ማውጣት። እሱን ማንም አላየውም።

ተመሳሳዩን ነገር ወሬውን ለጎረቤት የሚነግር ሰው እንዲህ ይለዋል፦

«የውኃ ፓምፑ ሞተር በጥቅምት ተቃጠለ። መለዋወጫ ለመግዛት የወጣው ጨረታ አንድ ተጫራች ብቻ ስለቀረበበት ተሰረዘ፤ እስካሁንም በድጋሚ አልወጣም። ነዋሪው ወንዝ ወርዶ ይቀዳል፤ በኅዳር ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ጤና ኬላው የመጡት ሕጻናትም የወንዙን ውኃ ከሚጠጡ ቤቶች ናቸው።»

ለብቻው የቆመ አያያዥ ቃል የለበትም። ያያያዘው «የወጣው» ነው፣ «ስለቀረበበት» ነው፣ «አልወጣም» ፊት የቆመው የ«እስካሁንም» «ም» ነው፣ «ወርዶ» ነው፣ ድርብ ሰረዙ ነው። የመጨረሻውን ሐረግ ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። ጸሐፊው ሕጻናቱ ከየትኛው ቤት እንደመጡ ጤና ኬላው ሄዶ ሳይጠይቅ ሊጽፈው አይችልም ነበር። «ከዚህ ጋር በተያያዘ» ከዚያ መንገድ ያድነዋል። አያያዥ ቃል የሚበዛው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ግንኙነቱን ራሱ ሳያጣራ የቀረበት ቦታ ላይ ነው፤ ሪፖርት ሲገመግሙ ጣትዎን እዚያ ላይ ያኑሩ።

ሁለተኛው ምክር፦ አማርኛ በቃሉ ጫፍ ላይ የሰጠዎትን ይተዉት። ለምሳሌ «ም»ን። እናት ለልጇ ደብተር ገዛች እንበል። «እናትየዋም ለልጁ ደብተር ገዛችለት» ብንል ሌላም ሰው ገዝቶለታል። «እናትየዋ ለልጁም ደብተር ገዛችለት» ብንል ሌሎች ልጆችም ደርሷቸዋል። «እናትየዋ ለልጁ ደብተርም ገዛችለት» ብንል ልጁ ሌላም ነገር ተገዝቶለታል። አንዲት ፊደል ቦታዋን በቀየረች ቁጥር ሦስት የተለያየ ወሬ ሆነ። ይህ ሁሉ እንዲጠፋ «በተጨማሪም እናትየዋ ለልጁ ደብተር ገዛችለት» ብለው ይጻፉ። የተጨመረው ገዢው ይሁን፣ ተቀባዩ ይሁን፣ ዕቃው ይሁን አንባቢዎ ይገምት።

«ግን»ም እንዲሁ ነው። በንግግራችን ከሚነጻጸረው ነገር ቀጥሎ ይቀመጣል። «ወንድሙ ግን ትናንት አልመጣም» ስንል እህቱ መጥታለች። «ትናንት ግን ወንድሙ አልመጣም» ስንል ከትናንት ወዲያ መጥቶ ነበር። ይህን ለማደብዘዝ «ነገር ግን»ን ዓረፍተ ነገሩ አናት ላይ ይስቀሉት፤ ንጽጽሩ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያም በላይ ከፈለጉ «ምንም እንኳን ዝናቡ ቢዘገይም ነገር ግን ገበሬው ዘርቷል» ይበሉ። «ቢዘገይም» ብቻውን ሥራውን ጨርሶት ነበር። «ምንም እንኳን» ሲታከልበት ማጥበቂያ ነው፣ ይሁን። «ነገር ግን» ግን የተዘጋ በር ላይ የተመታ ሚስማር ነው።

ስለ «ው» ካላነሳሁ ይቀርብኛል። «ጨረታ ወጣ። ጨረታው ተሰረዘ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው የተመለሰው በዚያች በ«ው» ነው። የቋንቋ ሊቃውንቱ ሃሊዴይና ሩቃያ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዝኛን ጽሑፍ የሚያያይዙትን ነገሮች አምስት ቦታ ከፍለዋቸዋል። ወደተነገረው የሚያመለክቱ ቃላት አንድ፣ ሌላ ቃል መተካት ሁለት፣ የታወቀውን መተው ሦስት፣ ቃላትን መደጋገምና ማዛመድ አራት። አያያዥ ቃል ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ለአማርኛ ይህ ይበልጥ ይሠራል፤ ግሳችን ብቻውን «ሰበረችው» ሲል ማን እንደሰበረችና ምን እንደተሰበረ ካለፈው ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። ሌሎቹን አራቱን ጥለው ሸክሙን ሁሉ በአንዱ ላይ ከጫኑ ጽሑፍዎ በእርግጠኝነት ያነክሳል።

ልማዱ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው የአያያዥ ቃላት ዝርዝር ይሰጠዋል፣ ይሸመድዳል፤ ድርሰቱ ሲታረም ቃላቱ መኖራቸው ይታያል፣ ተገቢ መሆናቸው ግን አይታይም። በእንግሊዝኛም ያው ነው። ወደ ውጭ ለመማር ወይም ለመሥራት አይልትስ የሚፈተን ሰው በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል ያለው ድርሰት ይጽፋል፤ ብዙዎችም በየአንቀጹ አናት ላይ «ሞርኦቨር»ና «ፈርዘርሞር»ን ደርድረው ይገባሉ። የፈተናው ይፋዊ መመዘኛ ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው። የሐሳብ ፍሰትና ትስስር ከጽሑፍ ፈተናው ውጤት ሩቡን ይይዛል፤ ማያያዣን ከልክ በላይ መጠቀም በ5 ነጥብ ደረጃ ላይ እንደ ጉድለት ተጽፏል፤ 9 ነጥብ የሚገባው ጽሑፍ ደግሞ ትስስሩ የአንባቢን ዓይን እምብዛም የማይስብ ነው። ስለዚህ ነጥብዎ ከፍ እንዳይል ከፈለጉ ዝርዝሩን በሙሉ ይጨርሱት።

አንድ ሰው ይህን ሰምቶ ወደ ሌላኛው ጥግ እንዳይሮጥ እሰጋለሁ። አያያዥ ቃልን ሁሉ ነቅሎ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ተመልሶ፣ አስቦ፣ ጽፎ…» እያለ ግሱን እስከ ገጹ ግርጌ የሚያስጠብቅ ጸሐፊም አለ። በዚህ መንገድ የሚሰካኩ ግሶች ከሦስት ካለፉ አንባቢው የመጀመሪያውን ይረሳዋል። በዚያ ላይ አድራጊው መሐል ላይ ከተቀየረ ማን ምን እንዳደረገ ይደባለቃል። እዚያ ላይ አራት ነጥብ ማኖርና እንደገና መነሳት ይሻላል።

የራስዎን ጽሑፍ መመርመር ከፈለጉ ሁለት ነገር ይሞክሩ። ዓረፍተ ነገሩ አናት ላይ ያለውን አያያዥ በእርሳስ ሰርዘው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ምንም ካልጎደለ ቃሉ ሥራ አልነበረውም። ቀጥሎ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ቦታ ያለዋውጧቸው። ትርጉሙ ካልተነካ እውነትም ዝርዝር ነው፤ በነጠላ ሰረዝና በ«ና» አንድ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት። ከተበላሸ ግን በመካከላቸው ምክንያት ወይም ጊዜ ወይም ተቃርኖ አለ፤ «በተጨማሪም» የሸፈነው እሱን ነው። በፓምፑ ሪፖርት ላይ ይሞክሩት፤ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ሲሰረዝ ያገኙታል።

ቃሉ የሚገባበት ቦታም አለ። አከራይ ውል ሊያፈርስ ደብዳቤ ይጽፋል፦ «ተከራዩ የ3 ወር ኪራይ አልከፈለም። በተጨማሪም ቤቱን ሳያስፈቅድ ለሌላ ሰው አከራይቷል።» እዚህ ሁለቱ ምክንያቶች እርስ በርስ አልተወላለዱም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይቆማሉ። ተከራዩ ነገ ውዝፉን ቢከፍል የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው እንዳለ ነው። «በተጨማሪም» የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰውም ሊያየው ይገባል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ላይ ተደርድሮ ከቆየ አያየውም፤ ሁለተኛውን ምክንያት የመጀመሪያው ቅጥያ አድርጎ ያልፈዋል፣ ኪራዩ ሲከፈልም ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል።