ሰባት ትረስ የሚገባው ቤት፣ አራት ትረስ የሚበቃው ባለቤት

በሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቪላ ሲሠራ ወግና ማዕረግ አለው። መሠረቱ ሲቆፈር መሐንዲስ ይጠራል፣ ኮለኑ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ይቆጠራል፣ ለደረጃው የሚነጠፈው ግራናይት በየሱቁ ዋጋው ይጠየቃል። ከዚያ ከግቢው ጀርባ የሚቆመው የሰርቪስ ቤት ተራ ይደርሳል። እዚህ ላይ መሐንዲሱ ይሰናበታል፤ የቤቱ ጣሪያ ለፎርማኑ ቸርነትና ለእግዜር ጥበቃ በአደራ ይሰጣል።

ምክክሩ ረጅም አይደለም። ፎርማኑ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያይና «ጋሼ፣ አራት ትረስ ካደረግንበት ይበቃዋል፣ ይይዛል» ይላል። ባለቤቱም «አንተ ካልክ ምን አውቃለሁ» ብሎ ወደ ግራናይቱ ይመለሳል። በሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ሠንጠረዥ ይገለበጣል፣ ስሌት ይሠራል። እዚህ ግን ሁለት ሰው በቆመበት ተስማምቶ ይለያያል፤ ስሌቱን የሚሠራው በኋላ ተከራዩ ነው፣ ያውም ባልዲ እየደረደረ።

ቤቱን በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ሁለት ገጽ ያለው ተራ ቆርቆሮ ነው። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ሕንፃ «ምድብ ሀ» ይባል ነበር። ይህ ቤት እዚያው ውስጥ ይወድቅ ነበር። ምድቡ ለትንንሽ ቤቶች ነገሩን ለማቅለል የታሰበ ነበር፤ ባለቤቶች ግን «ሀ» የምትለዋን ፊደል እንደ አንደኛ ደረጃ ሽልማት ተቀብለው የቀረውን መስፈርት ሁሉ ይቅር ብለውታል።

ትረሶቹ በባሕር ዛፍ አጣና ይገጠሙና ስድስቱን ሜትር ከግድግዳ ግድግዳ ይሻገራሉ። በትረሶቹ ላይ፣ በቤቱ ርዝመት፣ ሞራሌ ይጋደማል። ቆርቆሮው የሚመታው በሞራሌው ላይ ነው። ስለዚህ ትረሶቹ በተራራቁ ቁጥር ሞራሌው ያለ ድጋፍ የሚሻገረው ባዶ ይረዝማል። ስምንት ሜትር ላይ አራት ትረስ ሲቆም በመካከላቸው ሦስት ባዶ ይቀራል፤ እያንዳንዱም 2 ሜትር ከ67 ሳንቲም ነው። ሰባት ትረስ ቢቆም ስድስት ባዶ ይሆንና እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ33 ይደርሳል። ፎርማኑ ያዳነው ሦስት ትረስ ነው። ለአንድ ትረስ ወደ 20 ሜትር አጣና ይበቃል፤ ለዚህ ቁጠባ ባለቤቱ ፎርማኑን በምሳ ይጋብዘዋል።

አሁን ደግሞ ጣሪያው ላይ ሰው እናውጣ። ቆርቆሮ ላይ ሰው አይወጣም የሚል ካለ የዲሽ ሠራተኛ ገጥሞት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ለጥገና ብቻ የሚወጣበት ጣሪያ እንኳ በአንድ ነጥብ ላይ 1 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 100 ኪሎ ገደማ፣ እንዲችል ይጠይቅ ነበር። ኮዱ የዲሽ ሠራተኛውን ከነመሣሪያ ቦርሳው ቀድሞ መዝኖታል ማለት ነው። ሰውየው በሁለት ትረስ መካከል፣ አንድ ሞራሌ ላይ ሲቆም ሞራሌውን የሚያጎብጠው ኃይል ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ ለአራት የሚካፈለው ነው። በ267 ሳንቲም ርቀት 6,675 ኪሎ-ሳንቲም ይሆናል፤ በ133 ሳንቲም ግን ግማሹን፣ 3,325ን ያህላል።

ሞራሌው ይህን የሚመልሰው በመጠኑ ነው። የመቋቋም አቅሙ የሚገኘው ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ፣ እንደገና በቁመቱ ተባዝቶ፣ ለስድስት ሲካፈል ነው። ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወርዱ አንዴ ብቻ፤ ነገሩ ሁሉ የተደበቀው እዚህ ነው። 5 በ7 ሞራሌ ሰባቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲቆም 40.8 ይወጣዋል። በ133 ሳንቲም ርቀት ላይ ሰውየው ሲቆምበት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲም እንጨት 82 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ለተራ የግንባታ እንጨት፣ ሰው ወጥቶ እስኪወርድ ላለ አጭር ጭነት፣ 100 ኪሎ አካባቢ ቢፈቀድ ከልክ የወጣ አይደለም። ቤቱ አለፈ።

ያው ሞራሌ በአራቱ ትረስ ላይ ሲሆን 164 ኪሎ ይደርስበታል። ፎርማኑ ደግሞ ለዚህ ቤት 5 በ7 «ማባከን ነው» ብሎ 4 በ5 ካስመጣ፣ አቅሙ 16.7 ብቻ ስለሆነ በካሬ ሳንቲም 400 ኪሎ ይሆናል። ሞራሌው ሳይቆረጥ በብዙ ትረስ ላይ ከቀጠለ ይህ ቁጥር በአንድ አምስተኛ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ በታማኝነት መነገር አለበት። ስለዚህ 400 ሳይሆን 320 ነው። ባለቤቱ በዚህ ሊጽናና ይችላል።

በሞራሌ ጉዳይ የከተማችን አናጢዎች የደረሱበት ሌላም ግኝት አለ፦ ማስተኛት። ሞራሌው በሰፊው ጎኑ ሲተኛ ለምስማር ይመቻል፣ አይንጋደድም፣ ለዓይንም ወፍራም ይመስላል። እንጨቱ ያው ነው፣ ዋጋው ያው ነው፣ አቅሙ ግን ከ40.8 ወደ 29.2 ይወርዳል፤ መጉበጡም እጥፍ ይሆናል። የተከፈለበትን እንጨት ሲሶ ያህል አቅም በአንድ መገልበጥ ለማጥፋት ሌላ ሙያ እምብዛም አልቻለም። ሞራሌውን አቁሞ ከታችኛው በኩል በትንሽ የእንጨት ቁራጭ ደግፎ ትረሱ ላይ መምታት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ደቂቃ ግን ውድ ናት።

ከዚያ የዝርዝሩና የጣውላ መጋዘኑ ፍቅር አለ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ «5 በ7 ዝግባ፣ በየ90 ሳንቲሙ» ተብሎ በጥሩ ፊደል ይጻፋል። ዝግባ ዛሬ በብዛት የሚበቅለው እንዲህ ባሉ ሰነዶች ላይ ነው። ግቢው በር ላይ የሚራገፈው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሆኖ፣ ሜትር ሲዘረጋበት 4 በ6 ቢገኝ ማንም አይደነግጥም፤ አንድ ሳንቲም ምንድን ናት? አንድ ሳንቲም ከወርዱ፣ አንድ ሳንቲም ከቁመቱ ስትሄድ አቅሙ ከ40.8 ወደ 24 ይወርዳል። አርባ ከመቶው ሄደ። ያው ጥሩ የተባለው ባለ ሰባት ትረስ ጣሪያ እንኳ በዚህ ሞራሌ 139 ኪሎ ይደርስበትና ከተፈቀደው ያልፋል። ሜትር ይዞ መጋዘን የሚሄድ ሰው በአካባቢው እንደ ነገረኛ ስለሚታይ ግን ባለቤቱ ሜትሩን ለሴራሚኩ ያስቀምጠዋል።

ርዝመቱም የራሱ ወግ አለው። ሞራሌ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ4 ሜትር ነው። ትረሶቹ በ1 ሜትር ከ33 ሲቆሙ አራተኛው ሜትር በትክክል አራተኛው ትረስ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱ ሞራሌዎች እዚያ ይገናኛሉ፣ በጎናቸው አንድ ቁራጭ ይለጠፍባቸውና ነገሩ ያልቃል። በአራቱ ትረስ ሲሆን ድጋፉ ያለው በ2.67 እና በ5.33 ላይ ነው። አራተኛው ሜትር የሚውለው ልክ በሁለቱ መካከል፣ አየር ላይ ነው። አናጢው አይጨነቅም፤ ጫፎቹን ጎን ለጎን አድርጎ በሁለት ምስማር ያጋባቸዋል። ሙሉ ሞራሌ 164 ኪሎ የከበደውን ቦታ ሁለት ምስማር እንዲሸከሙት አደራ ተሰጥቷቸዋል። የዲሽ ሠራተኛው የሚቆመው የት እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ሁሉም ጭነት ወደ ታች እንደሚጫን የሚያምኑት ደግሞ ነፋስን ረስተዋል። ሩብ ሚሊሜትር የሚያህለው ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ሁለት ተኩል ኪሎ ቢመዝን ነው። የ1995ቱ ኮድ መነሻ ያደረገው ነፋስ 22 ሜትር በሰከንድ ነበር፤ የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ያለ መሆኑ ታስቦ እንኳ በካሬ ሜትር 23 ኪሎ ገደማ ጫና ያመጣል። በጣሪያው ጠርዝ ወደ ላይ የሚስበው ከዚህም ይበልጣል። በአራቱ ትረስ አንድ ሞራሌ ከአንድ ትረስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የ2.4 ካሬ ሜትር ጣሪያ ኃላፊነት አለበት፤ 55 ኪሎ መሆኑ ነው። በሰባቱ 28 ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚይዘው እርጥብ አጣና ላይ የተመታ አንድ ምስማር ነው፣ አጣናው ሲደርቅ ደግሞ የሚለቅ።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ድንጋይ ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ከፎቅ ላይ ቁልቁል ያየ ሰው ቆርቆሮ ላይ የተደረደሩ ድንጋዮች፣ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ብሎኬት ያገኛል። የአሥር ኪሎ ድንጋይ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቢያረጋጋ ነው፤ በምትኩ ቆርቆሮውን ያጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፣ ውሃው ዝገት ይወልዳል። ሞራሌውን ከትረሱ ጋር በማይዝግ ሽቦ እጥፍ አድርጎ ጠምዝዞ ማሰር፣ ትረሱንም ቢሙ ሲሞላ በተተወ ፌሮ አጥፎ መያዝ የድንጋዮቹን ሥራ ያስቀራል። ግን ሽቦ ከታች አይታይም፤ ድንጋይ ይታያል፣ ባለቤቱ ለቤቱ ማሰቡንም ይመሰክራል።

ጣሪያው ዕለቱን አይወድቅም፤ የፎርማኑ ዝና የቆመው በዚህ ላይ ነው። በጠባቡ ርቀት በአንድ ጭነት የሚጎብጠው ሞራሌ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ጭነት ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። መጀመሪያ የማታ ፀሐይ ጎን ለጎን ስትመታው ቆርቆሮው ላይ ማዕበል ይታያል። ቀጥሎ ምስማሮቹ በተነቃነቁ ቁጥር ቀዳዳቸው ይሰፋና ሐምሌ ላይ በየምስማሩ ጠብታ ይጀምራል። በመጨረሻ የጂፕሰሙ ኮርኒስ በትረሶቹ መካከል ረጅም ስንጥቅ ያወጣል። ያኔ ቀለም ቀቢ ይጠራል።

ለማረም ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም። ጂፕሰሙን አውርዶ በየባዶው መካከል አንድ አንድ ትረስ ከውስጥ መግጠም ይቻላል፤ ሦስት ትረስ ሲጨመር ጠቅላላው ሰባት ይሆናል፣ ርቀቱም 1 ሜትር ከ33 ላይ ይገባል። አየር ላይ የተቀጠለውም ሞራሌ አዲሱ ትረስ ልክ ከሥሩ ይደርስለታል። ሞራሌው 4 በ5 ከሆነ ግን ይህም 200 ኪሎ ያደርሰዋል እንጂ አያድነውም፤ ቆርቆሮው ተነስቶ በ5 በ7 መተካት አለበት። ይህንን የሰማ አንድም ባለቤት «ጂፕሰሙ እኮ ገና አዲስ ነው» ሳይል አያልፍም። የተከራዩ ውል ላይ ግን አንድ አንቀጽ ትጨመራለች፦ ጣሪያ ላይ መውጣት ክልክል ነው፣ ዲሽ የሚፈልግ አጥር ላይ ይትከል።