ኮረሪማው ሄል ሆኖ መጣ

የአክስቴ ልጅ ሚኒያፖሊስ ላይ የባልትና ሱቅ አለው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጩኮና እንጀራ ይሸጣል። ለግድግዳውና ለማስታወቂያው ሥዕል ሲያስፈልገው ሮቤ ድረስ ደወለልኝ። በጽሑፍ ሲያዙት ሥዕል ለሚሠራው ፕሮግራም አንተ በአማርኛ ጻፍ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ አስገባዋለሁ አለኝ። ቅመሙም፣ እህሉም፣ እንጀራውም ሞቅ ባለ የወጥ ቤት ብርሃን እንዲታይ ነው የፈለገው።

በኮረሪማ ጀመርን። «የኢትዮጵያ ኮረሪማ» ብዬ ጻፍኩ፤ የመጣው ሄል ነው። ያ ትንሹ፣ አረንጓዴው፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው! ፕሮግራሙ ስሙን ሲሰማ አብዝቶ ያየውን ዘመዱን ያመጣል። ስለዚህ ስሙን ትተን መልኩን መጻፍ ያዝን። የደረቀ ቡናማ ፍሬ፣ ቅርፊቱ የተሸበሸበ፣ ቅርጹ እንደ በለስ ወደ አንገቱ የቀጠነ፣ ክር ላይ የተሰካ፣ አንዱ ተሰንጥቆ ውስጡ ያሉት የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች የሚታዩ። ያን ጊዜ ወደ ኮረሪማ የሚጠጋ ነገር መጣልን።

ጥቁር አዝሙድ ላይ ግን አናደደኝ። ባሌ በጥቁር አዝሙዱ የታወቀ አገር ነው፤ የሮቤን ገበያ የሚያውቅ ሰው ሽታውን ሳይቀር ያውቀዋል። ፕሮግራሙ የሰጠን ረጅሙን ከሙን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ነው። የኛው አጭር ነው፣ ማዕዘን አለው፣ ጥቁረቱም አያብረቀርቅም። ይህንኑ ከጻፍን በኋላም በየመሀሉ ሰሊጥ የሚመስል እየቀላቀለ ስለሚያመጣ፣ ሥዕሉን አጉልቶ ፍሬ በፍሬ ማየት ያስፈልጋል። ስንዴና ገብስ አላስቸገሩንም፤ የሲናና ማሳ ላይ የሚታየውን ሪዛም የገብስ ዛላ ከመጀመሪያው አወቀው።

እንጀራው ዳገት ሆነብን። አንዴ የሜክሲኮ ቂጣ ተደራርቦ መጣ፣ ቦታ ቦታው ያረረ። አንዴ ደግሞ ዓይን አወጣና ዓይኑ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቀዳዳ ሆነ። ሚኒባስ ተሳፍሬ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጎባ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገረች ነበር። ኩርሲ ስቤ መጻፍ እንደጀመርኩ መብራት ጠፋ፤ ሊጡ ገና አልተጋመሰም።

«ተነስ፣ እንጨት አቀብለኝ» አለችና ጓሮ ወዳለው ጭስ ቤት ገባን። ባሕር ዛፉ እርጥብ ነበር፤ ዓይናችን እስኪፈስ ጨሰ። በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ጠቆረ። ሲነድ ግን ለካ ስንፈልገው የነበረው ብርሃን እዚያ ነው። እኛ «ሞቅ ያለ ብርሃን» በጻፍን ቁጥር ፕሮግራሙ ሰፊ መስኮት ያለው የአውሮፓ ወጥ ቤት ላይ የማታ ፀሐይ ይደፋበት ነበር። አክስቴ ቤት ሁለት ብርሃን ነው ያለው፤ ከምጣዱ ሥር ቀይ፣ ከበሩ በኩል ደግሞ የደጋው ነጣ ያለ ቀዝቃዛ ብርሃን። ፊቷ በአንድ ጎን ቀልቶ በሌላው ነጥቶ ይታያል፤ ጣሪያው ጥቁር ነው።

ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል አፈሰሰች። ዓይኑ ብቅ ብቅ ሲል አክምባሎውን ደፋችበት። በሰፌድ ካወጣችው በኋላ ጫፉን ገልበጥ አድርጋ አሳየችኝ። «ዓይኑ ላይ ላዩን ነው ልጄ፤ ጀርባውማ ምጣዱን ነው የሚመስለው፣ ልስልስ ያለ።»

ማታ ለአክስቴ ልጅ የላክሁለት ትእዛዝ ይህ ነበር፦ «ስስና ሰፊ ክብ እንጀራ፣ የላዩ ፊት ጥቃቅን ዓይን የሞላበት፣ የተገለበጠው ጫፍ ጀርባ ልስልስና ዓይን የሌለው፣ ያላረረ፣ ሰፌድ ላይ የተዘረጋ። ከታች በግራ የእንጨት እሳት፣ በቀኝ ከተከፈተ በር የሚገባ የጠዋት ብርሃን፣ ቀጭን ጭስ፣ በጥላሸት የጠቆረ ጣሪያ። መስኮት የለም። ከቅርብ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ።» የመጣው ሥዕል ሰፌዱ ላይ ትንሽ ቢሳሳትም እንጀራው እንጀራ ነበር። የብርሃኑን ዓረፍተ ነገሮች ሳንነካ ቅመሙና እህሉ ላይም ደገምናቸው፤ ሥዕሎቹ የአንድ ቤት መሰሉ።

ፊደል ግን እምቢ አለ። ከረጢት ላይ «ሽሮ» ብለህ ጻፍ ሲባል ግዕዝ የሚመስል፣ የማይነበብ ጭረት ያወጣል። ከረጢቱ ባዶ ይሁን ብለን አዘዝንና ጽሑፉን የአክስቴ ልጅ በኋላ በእጁ አስገባው።

በአንድ ነገር አልተግባባንም። እሱ በርበሬው ማሸጊያ ላይም ሥዕሉን ሊለጥፍ ፈለገ። እኔ እምቢ አልኩ። ለግድግዳ ይሁን፤ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው ግን የሚያየው ቅላት የሚገዛው በርበሬ ቅላት መሆን አለበት። ሥዕሉ ላይ ያለው ደግሞ የቲማቲም ቅላት ነው፤ የኛ በርበሬ ቅመሙ ስላለበት ጠቆር ይላል። ሁለት ቀን ካኮረፈኝ በኋላ የራሱን በርበሬ ነጭ ሳህን ላይ አድርጎ፣ ሱቁ በር ላይ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ማሸጊያው ላይ ያለው እሱ ነው።