ለልብዎም ለኪስዎም

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብቻውን መግዛት ቀረ መሰል። አንድ መጻሕፍት መደብር ከሂሳብ አያያዝ መማሪያ ጋር አስሮ፣ «ለልብዎም ለኪስዎም!» ብሎ ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል። የበዛብህና የሰብለወንጌል ጣጣ ሳያንስ ደረሰኝና ቫውቸር ተጨመረባቸው። ለየብቻ 800 እና 400 ብር፣ ጥንዱ 1,150። የ50 ብሯ ቅናሽ ለእኛ፣ አቧራ ሲጠጣ የከረመው መማሪያ ከመደርደሪያ መውረዱ ለእነሱ። (አጠገቡ «ኦሮማይ»ን ቢያደርጉት እኮ ልብ ወለድ ወዳዱ ያለ ቅናሽም ይገዛ ነበር።) ከሥር ደግሞ «1,200 ብርና ከዚያ በላይ ላዘዘ ማድረሻ ነጻ» ይላል። ልክ ሃምሳ ጎደለን! ለእሷ መሙያ የ60 ብር ዕልባት ተዘጋጅቷል፤ «አንባቢ ያለ ዕልባት?» ከሚል ወቀሳ ጋር። ቅናሿ አሥር ብር ወልዳ ወደ መደብሩ ተመለሰች።